ነጭ አዝሙዳችሁ ከሙን አይደለም

ጥያቄ፦ «ሰሜን ሸዋ ያለን የቅመም አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነን። ነጭ አዝሙድ፣ ጥቁር አዝሙድና አብሽ አለን። ገንዘብ አዋጥተን ዌብሳይት አሠራን፤ ያምራል። ስምንት ወር ሞላው፣ የጻፈልን የውጭ ገዢ ግን አንድ ብቻ ነው። ነጭ አዝሙድ ፈለገ፣ ናሙና ላክንለት፣ ‹የጠየቅኩት ይሄን አይደለም› ብሎ ጠፋ። ምኑ ላይ ነው ያጠፋነው? ቡናም ጨምሩበት የሚሉን አሉ፤ እንጨምር?»

ምላሽ፦

ገጻችሁን ከፍቼ አየሁት። ያ ገዢ የጠፋው በአንድ ስም ምክንያት ነው። ነጭ አዝሙዱን `White Cumin` ብላችሁታል። መዝገበ ቃላት ብታዩ ልክ ናችሁ። ገበያው ላይ ግን ሌላ ዕቃ ነው የጠራችሁት። ውጭ ያለ የቅመም ነጋዴ ይህን ስም ሲያይ በዓይነ ኅሊናው የሚመጣው እኛ ከሙን የምንለው ነው። እናንተ የላካችሁለት እሱ አጅዋይን ብሎ የሚያውቀውን ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ ከድንብላልም ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። ግን ከሙን ለሚፈልግ ሰው አጅዋይን መላክ በርበሬ ለጠየቀ ሚጥሚጣ እንደ መስፈር ነው።

ልዩነቱን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ቆንጠር አድርጋችሁ ነጭ አዝሙዱን መዳፋችሁ ላይ እሹትና አሽትቱት። ጦስኝ ጦስኝ ይላል። በጣርማ በር ብርድ ውስጥ ሻይ በጦስኝ የጠጣ ሰው ወዲያው ይለየዋል። ምክንያቱም የሁለቱም ሽታ ውስጥ ታይሞል የሚባል አንድ ንጥረ ነገር አለ። የከሙን ሽታ ሌላ ነው፤ ኩሚናልዲሃይድ ከሚባለው ነው የሚመጣው። ፍሬውም ይለያል። ከሙን ረዘም፣ ቀጠን ያለ ነው። ነጭ አዝሙድ ትንሽና ድብልብል ያለ ነው። ገዢያችሁ ፖስታውን ቀዶ ሲያሸት ምን እንደተሰማው አስቡት። «እነዚህ የሚሸጡትን አያውቁም» ብሎ ነው የሚደመድመው። እናንተ ደግሞ ከእሱ በላይ ታውቁታላችሁ። ችግሩ ስሙ ብቻ ነው።

መፍትሔው የእጽዋቱን የላቲን ስም መጠቀም ነው። ሙምባይም ሃምቡርግም ዱባይም አንድ ነው፤ አይተረጎምም። የነጭ አዝሙድ ትራኪስፐርመም አሚ ነው። የከሙን ኩሚነም ሲሚነም ነው። የላቲኑ ስም ከታች በትንሽ ፊደል የሚደበቅ ጌጥ አይደለም፤ ርዕሱ ላይ ነው የሚወጣው። ሰው ጎግል ላይ ሲፈልግ የሚያገኘውም በዚያ ስለሆነ፣ የገጹን ኮድ ለሠራላችሁ ልጅ ይሄን ስጡት፦

```html
<title>Ajwain seed, Trachyspermum ammi | North Shewa, Ethiopia</title>
<h1>Ajwain seed, Trachyspermum ammi</h1>
<p>Also sold as carom or bishop's weed.
   Local name: nech azmud.
   This is not cumin, Cuminum cyminum.</p>
```

የመጨረሻዋን መስመር «ራሳችንን ለምን እናሳንሳለን?» ብላችሁ እንዳታወጧት። ከሙን ፈላጊውን በጊዜ ትሸኝላችኋለች። አጅዋይን ፈላጊውን ደግሞ «እነዚህስ ይገባቸዋል» ታሰኘዋለች። ናሙና በፖስታ መላክ ስንት እንደሚያስወጣ አሁን ታውቃላችሁና ጥቅሟ ይገባችኋል።

ስሙ የጉምሩክ ጉዳይም ነው። ያልተፈጨ ከሙን በዓለም አቀፉ የጉምሩክ መለያ 0909.31 ላይ ነው የሚመዘገበው። አጅዋይን ግን «ሌሎች ቅመሞች» ከሚባለው 0910.99 ውስጥ ይገባል። ድረ ገጹ አንዱን፣ ኢንቮይሱ ሌላውን፣ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀቱ ሦስተኛውን ካለ ዕቃው ወደብ ላይ ሊቆም ይችላል። ለየቀኑ መጋዘን የሚከፍለው ገዢው ነው። ልምድ ያለው ገዢ ይህን በሩቁ ያሸታል።

ጥቁር አዝሙዱም ነገር አለበት፤ ትንሽ ቀለል ይላል እንጂ። `Black Cumin` ብላችሁታል። ይህ ስም አገራችን ውስጥ በመንግሥት ወረቀት ላይም ስላለ አልፈርድባችሁም። ውጭ ግን ቢያንስ ሁለት ዕቃ ይጠራበታል። አንዱ የእኛው ኒጄላ ሳቲቫ ነው። ሌላው ከኢራንና ከመካከለኛው እስያ ወገን የሚመጣ፣ ከከሙን ጋር የሚዛመድ ቀጭን ጥቁር ፍሬ ነው። ስለዚህ ርዕሱ `Nigella seed, Nigella sativa` ይሁን። ከሥሩ `black seed` እና `kalonji` የሚሉትን ጨምሩ። የመጀመሪያውን የዓረብ አገሩና የአውሮፓው ገዢ ይፈልግበታል፣ ሁለተኛውን የሕንዱ።

እግረ መንገዴን፦ ጥቁር አዝሙዱ ሥር «ስኳር በሽታን፣ አስምን፣ ደም ግፊትን ይፈውሳል» የሚል አንቀጽ አለ። ዛሬውኑ አውጡት። ሕዝባችን ለመድኃኒትነት እንደሚጠቀምበት አውቃለሁ፤ እናቴም አፍንጫዬ በተዘጋ ቁጥር በጨርቅ ቋጥራ ታሸተኝ ነበር። ነገር ግን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ድረ ገጽ ላይ «ይፈውሳል» ተብሎ የተጻፈበትን ምግብ ያልተፈቀደ መድኃኒት ብሎ ነው የሚቆጥረው። የአውሮፓም ሕግ ምግብን በሽታ ይፈውሳል ብሎ መሸጥ ይከለክላል። ቁም ነገሩን የያዘው አስመጪ እንዲህ ያለውን ገጽ ሲያይ በጸጥታ ይዘጋዋል።

አሁን ከስሙ ቀጥሎ ወደሚገርመኝ ስሕተት ልምጣ። የአብሻችሁ ገጽ ላይ `Crop year: 2017` ይላል። እናንተ 2017 ስትሉ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የታጨደውን ማለታችሁ ነው፤ በፈረንጆቹ የ2024 መጨረሻ ማለት ነው። ገዢው ግን ይህን ገጽ የሚያነበው በ2025 ወይም በ2026 ነው። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት መጋዘን የከረመ አብሽ ልትሸጡለት ያሰባችሁ ነው የሚመስለው! በኢሜይል ጠይቆ አያጣራም። ለምን ይልፋ? ሌላ ሻጭ ሞልቷል። በእንግሊዝኛ ገጽ ላይ ዘመኑ ሁልጊዜ በፈረንጅ ይሁን፤ ዓመቱ ብቻ ሳይሆን ወሩም ይጻፍ። የ2018 ታኅሣሥና ጥር ምርት ከሆነ `harvested Dec 2025 - Jan 2026` ነው የሚባለው። «አዲስ ምርት» የሚለውን ቃል ተዉት፤ ገጹ ሳይነካ ሁለት ዓመት ሲቀመጥ ውሸት ይሆናል።

ኩንታልም እንደዚሁ ነው። ነጭ አዝሙዱ ላይ `140 quintals available` ብላችኋል። ለእኛ ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ ክርክር የለውም። አንዳንድ አገር ግን ቃሉ ሌላ ክብደት አለው፣ ብዙው ደግሞ ጭራሽ አይጠቀምበትም። 14 ቶን በሉት። ከዚያ ደግሞ ገዢው በልቡ የሚጠይቀውን ጥያቄ መልሱለት፦ ይህ ስንት ኮንቴነር ነው?

ይህን ለማወቅ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሚዛን ይበቃል። የጀሪካኑን አፍ ቆርጣችሁ እስከ አፉ ሙሉት፣ ሁለት ሦስቴ መሬት ላይ ነካ ነካ አድርጉት፣ መዝኑት። ነጭ አዝሙዱ 9 ኪሎ መዘነ እንበል። አንድ ሊትሩ 0.45 ኪሎ ነው ማለት ነው። ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ውስጡ ወደ 33 ሜትር ኩብ ይይዛል። በጆንያ ሲደረደር ግን ክፍተት ስለሚኖር 28ቱን ብትሞሉ ጥሩ ነው። 28 ሜትር ኩብ 28,000 ሊትር ነው። በ0.45 ስታባዙት 12.6 ቶን ይመጣል። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው አንድ ሙሉ ኮንቴነርና ትንሽ ትርፍ ነው። ይህ በጣም ጥሩ ዜና ነው፤ ገጹ ላይ ግን የለም። አብሹን በዚያው ጀሪካን ብትመዝኑት 14 ወይም 15 ኪሎ ሊሆን ይችላል፤ ከባድ ነው። በዚያ ሒሳብ ያው ኮንቴነር ወደ 20 ቶን አብሽ ይይዛል። ለዚህ ነው «ትንሹ ትዕዛዝ ስንት ነው?» ለሚለው ለሁሉም ቅመም አንድ ዓይነት መልስ መስጠት የማይቻለው።

ኮንቴነር የማይሞላ ዕቃ ካላችሁ ይህንኑ ጻፉት። ትናንሽ አስመጪዎች አሉ፤ 500 ኪሎ ነው የሚፈልጉት። «ማንኛውንም መጠን እናቀርባለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን ለማንም አያገለግልም። እንደውም ደላላ ያስመስላል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጥራት ነው። እዚህ ላይ `best quality` ብቻ ነው ያለው፤ ሦስቱም ገጽ ላይ። የሁሉም ሰው ዕቃ ምርጥ ነው። ገዢው የሚፈልገው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ደግሞ ራሳችሁ ማውጣት ትችላላችሁ።

ንጽሕናውን እንዲህ ለኩ። ከአንድ ጆንያ አፍ ላይ አትዝገኑ። አፉ ላይ ያለው ሁልጊዜ ያምራል፤ ገበያ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ከተለያየ የክምር ቦታ 30 ጆንያ ምረጡ፤ ከታችም፣ ከመሀልም፣ ከግድግዳ በኩልም። ከየጆንያው በመውጊያ ዘንግ እፍኝ እፍኝ አውጡ። ንጹሕ ሸራ ላይ አንድ ላይ ደባልቁት። ክምሩን እንደ ዳቦ አራት ቦታ ክፈሉት፣ ትይዩ ያሉትን ሁለቱን ጣሉ፣ የቀረውን ደባልቁ፣ እንደገና ክፈሉ። እንዲህ እያላችሁ ግማሽ ኪሎ ያህል እስኪቀር ድረስ ውረዱ። ከዚያ 100 ግራም መዝናችሁ ሴቶቹ ለወጥ እንደሚለቅሙት ልቀሙት። ጥሩው ፍሬ ለብቻ፣ ሌላ ዘር ለብቻ፣ ገለባና እንጨት ለብቻ፣ አፈርና ጠጠር ለብቻ። የወርቅ ቤት ሚዛን የምትመስለዋ ትንሿ ሚዛን ለዚህ ትበቃለች። ጥሩው 96.4 ግራም ከሆነ ንጽሕናው 96.4 በመቶ ነው። አምስት ጊዜ ድገሙትና አማካዩን ውሰዱ።

96 ከመጣላችሁ አትደንግጡ፣ ነገር ግን አትኩራሩም። የአጅዋይን ገዢ ብዙውን ጊዜ 98 ወይም 99 ነው የሚጠይቀው። በሁለት ወንፊት አንዴ ስታሳልፉት ከፍ ይላል፤ አንዱ ፍሬውን አሳልፎ እንጨቱን የሚያስቀር፣ ሌላው አፈሩን አሳልፎ ፍሬውን የሚያስቀር። ከዚያ መልሳችሁ ለኩ። ገጹ ላይ የሚጻፈው ከወንፊት በኋላ ያለው ቁጥር ነው፤ ያውም ከአምስቱ ልኬት ዝቅተኛው። 98.2 ለክታችሁ 99 ብላችሁ ብትጽፉ ገዢው ዕቃው ሲደርስ ራሱ ይለካዋል። ያኔ የዋጋ ቅናሽ ይጠይቃል፤ እናንተ ደግሞ ዕቃው ባሕር ተሻግሮ እጁ ከገባ በኋላ ምን ማለት ትችላላችሁ?

እርጥበት ግን በቤት አይለካም፤ ላቦራቶሪ ላኩት። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። የስንዴ እርጥበት መለኪያ ከመጋዘናችሁ አይጠፋም፤ ለነጭ አዝሙድ ግን አልተስተካከለምና ቁጥሩን አትመኑት። ላቦራቶሪውም ቢሆን እንደ እህል በ105 ዲግሪ ምድጃ አድርቆ ከመዘነላችሁ ይሳሳታል። ነጭ አዝሙድ ውስጥ ያለው የሚተን ዘይት ከውኃው ጋር አብሮ ይበናል፤ የጎደለው ክብደት በሙሉ ውኃ ተብሎ ይቆጠራል። ጥሩ ሽታ ያለው ዕቃ እርጥብ መስሎ ይታያል፤ የሚያሳዝነው ይህ ነው። ለቅመም የተዘጋጀው ዘዴ `ISO 939` ይባላል፤ ውኃውን ብቻ ለይቶ ይለካል። ናሙናውን ስትሰጡ በስሙ ጠይቁ፣ ውጤቱም ላይ የዘዴው ስም ይጻፍ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ስትሰበስቡት ገጹ ላይ ከፎቶው ሥር የሚቀመጠው ይሄን ያህል ነው። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፤ የራሳችሁን ተኩ፦

```
Product:    Ajwain seed, whole, Trachyspermum ammi
Origin:     North Shewa, Amhara, Ethiopia
Harvested:  Dec 2025 - Jan 2026
Lot:        AJ-2026-01
Purity:     98 % min, hand sorted, 5 x 100 g
Moisture:   9.1 %, ISO 939, lab report on request
Packing:    25 kg, new PP bags
Available:  14 t, full 20 ft = about 12.5 t
HS code:    0910.99
```

ሦስት መስመር ላይ ልቁም። `new` የሚለው ቃል ያለ ምክንያት አልገባም። እኛ አገር የፕላስቲክ ጆንያን ሁሉ «ማዳበሪያ» እንላለን፤ ስሙ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። የእውነት ማዳበሪያ የነበረበት ጆንያ ታጥቦም ቅመም አይገባበትም። ፎቶዎቻችሁ አንዱ ላይ ከጀርባ የተደረደረው ጆንያ የማዳበሪያ ጽሑፍ ይነበብበታል። ያንን ፎቶ ቀይሩት። ገዢ ፎቶን አጉልቶ ነው የሚያየው።

`Amhara` ያልኩትም ኦሮሚያ ውስጥ ሌላ ሰሜን ሸዋ ስላለ ነው፤ ፍቼ ያለችበት። የውጭ ሰው ካርታ ላይ ሲፈልግ ይምታታበታል። የሸዋን አጻጻፍም አንዱን ምረጡና ያዙ። `Shewa`፣ `Shoa`፣ `Showa` ሦስቱም ገጻችሁ ላይ አሉ። የማኅበራችሁ ስም ደግሞ ድረ ገጹ ላይ፣ ንግድ ፈቃዱ ላይና የባንክ ሒሳቡ ላይ ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። ባንክ ሰነዱን አይቶ በሚከፍልበት በሌተር ኦፍ ክሬዲት ከሆነ ክፍያው፣ በአንድ ፊደል ልዩነት ሰነድ ሊመልስ ይችላል።

ሎት የሚለው፣ አንድ ላይ የተዘጋጀ ምርት መለያ ቁጥር ማለት ነው፣ ከሁሉ ያነሰ ይመስላል፤ አብሹ ላይ ስንደርስ ግን ትልቁ ነው። በፈረንጆቹ 2011 ጀርመን ውስጥ በኢ. ኮላይ ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው ታመመ፣ ከ50 በላይ ሞተ። በመጀመሪያ የስፔን ኪያር ነው ተባለ፤ የስፔን ገበሬ ያለ ጥፋቱ ከሰረ። በኋላ መርማሪዎቹ የበቀለ አብሽ ላይ ደረሱ። ከዚያ በሎት ቁጥር ወደ ኋላ እየተከተሉ በ2009 ከግብፅ የተጫነ አንድ የአብሽ ዘር ጭነት ጋ ደረሱ። የአውሮፓ ኅብረትም ከግብፅ የሚመጣውን አብሽ አገደ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን የሚያውቅ የአውሮፓ የአብሽ ገዢ «ሎታችሁን እንዴት ትለያላችሁ?» ቢል አይግረማችሁ። መልሳችሁ «ሎት አንድ ቁጥር ነው፤ ከጀርባው የየትኛው ቀበሌ አባላት መቼ እንዳስገቡት የተጻፈበት መዝገብ አለ» መሆን አለበት። መዝገቡ ደብተር ቢሆንም ችግር የለውም። ገጹ ላይ አብሹ ለማብሰያ እንጂ ለማብቀያ እንዳልተዘጋጀም ጻፉ፤ `not intended for sprouting` ይበቃል።

አብሽ ላይ ሌላም አለ። «ግሉተን የለውም» ብላችኋል። አብሽ በተፈጥሮው የለውም፤ እውነት ነው። ግን ስንዴ በተወቃበት አውድማ ላይ ነው የሚወቃው፤ በስንዴ ጆንያም ይጫናል። አውሮፓ ውስጥ «ግሉተን የለውም» ለመባል በኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። አንድ የስንዴ ፍሬ ወደ 40 ሚሊ ግራም ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ አሥር በመቶ ያህሉ ግሉተን ነው ብትሉ 4 ሚሊ ግራም ነው። አምስት ፍሬ ስንዴ በአንድ ኪሎ አብሽ ውስጥ ከተገኘ ጣሪያው ላይ ደረሳችሁ። አንድ ኪሎ አብሽ ሰፌድ ላይ በትናችሁ ቁጠሩ። እኔ የሌላ ማኅበር አብሽ ላይ ስቆጥር ሃያ ስድስት አግኝቼ ነበር። ያንን ቃል አውጡትና በምትኩ `may contain wheat` በሉ። ይህ ገዢ አያባርርም፤ የሚያባርረው የኋላው ምርመራ ነው።

ቡናውን በሚመለከት፦ አይ፣ አትጨምሩ። ቡና ስላላችሁ ሳይሆን የኢትዮጵያ ቡና ስላለው ስም ነው ጨምሩ የሚሏችሁ። ቡና የራሱ ፈቃድ፣ የራሱ ቅምሻና ደረጃ፣ የራሱ ገዢ ያለው ሌላ ንግድ ነው። አባሎቻችሁ የማያመርቱት የይርጋጨፌ ፎቶ ነጭ አዝሙድ አጠገብ ሲቀመጥ ማኅበር መሆናችሁ ቀርቶ ከየትም ለቅሞ የሚሸጥ ነጋዴ ትመስላላችሁ። የራሳችሁ ታሪክ አያንሳችሁም። ከአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሐረርና የታጁራ ቅፍለቶች የሚያርፉባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ስለ እኛ የሚለው ገጽ ላይ ሁለት መስመር ብትጽፉባት ከ«ቡና የመጣበት ምድር» የተሻለ የእናንተ ነው። ሁለት መስመር ግን ይበቃል።

አሁን ደግሞ ስምንት ወር ለምን አንድ ሰው ብቻ እንደጻፈ። ሁሉም በስሙ ምክንያት ላይሆን ይችላል። «ያግኙን» የሚለውን ቅጽ ሞልቼ መልእክት ላክሁላችሁ። «ተልኳል፣ እናመሰግናለን» አለኝ። ደርሷችኋል? ካልደረሳችሁ የት እንደሚሄድ የሠራላችሁን ልጅ ጠይቁ። ይህን የምለው ራሴ ስለሠራሁት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ማኅበር ገጽ ስሠራ ቅጹን ለሙከራ ወደ ራሴ የቆየ አድራሻ አዙሬው ነበር፤ መመለሱን ረሳሁት። ከአራት ወር በኋላ ያንን ሳጥን ስከፍት የሦስት ገዢዎች ደብዳቤ ተቀምጧል። ሁለቱ ሌላ ቦታ ገዝተው ነበር። ሊቀ መንበሩ ጋ ሄጄ ስነግራቸው አልተቆጡም፤ ዝም አሉ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ቅጹን ተዉትና የኢሜይል አድራሻችሁን ራሱን ገጹ ላይ ጻፉት። አድራሻው በማኅበሩ ዶሜይን ስም ይሁን፤ የይለፍ ቃሉ ሁለት ሰው ጋ ይኑር። ዶሜይኑ ላይ ደብዳቤው በእውነት ከእናንተ መሆኑን የሚያረጋግጡት የ`SPF` እና `DKIM` መዝገብ መግባቱን አረጋግጡ። ያለ እነሱ ስታነቡትና ስትመልሱ ሁሉም ደህና ይመስላል፤ መልሳችሁ ግን ገዢው ጋ የቆሻሻ ሳጥን ውስጥ ሊገባ ይችላል። መግባቱን ለማወቅ ለአንድ የጂሜይል ተጠቃሚ ደብዳቤ ላኩ። እሱ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ `Show original` የሚለውን ሲነካ ሁለቱም አጠገብ `PASS` ካለ ጨርሳችኋል።

የጠፋውን ገዢ ደግሞ አትተዉት። ይጻፍለት፤ ረጅም አይሁን። «የላክንልዎ አጅዋይን ነው፣ ከሙን አይደለም። ስሙን እኛ ነን ያሳሳትነው፤ ገጹን አርመነዋል። አጅዋይን የሚገዛ ሰው የሚያውቁ ከሆነ የላቦራቶሪ ውጤቱን እንልካለን» በሉት። የቅመም ነጋዴ የሚያውቀው የቅመም ነጋዴ ነው። አዲስ ናሙና የሚጠይቅ ሰው ከመጣ ከዚያው ከለካችሁት ሎት ውሰዱ፣ ከረጢቱ ላይ የሎቱን ቁጥር ጻፉ። ከዚያው ላይ ግማሽ ኪሎ አሽጋችሁ እናንተ ጋ አስቀሩ። ኮንቴነሩ ደርሶ «ናሙናው እንዲህ አልነበረም» የሚል ቢመጣ የምታወጡት እሱን ነው።